የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ አረንጓዴና ቀይ ቃላት

የመጀመሪያው ሴሚስተር እንደ ወትሮው አለፈ። ኮምፒውተሮቹን አጸዳን፣ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የታይፕ ሥልጠና ሰጠን፣ መብራት ሲጠፋ ቼዝ ተጫወትን። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ሁለተኛውን ሴሚስተር የወሰደው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ መምህር የተማሪን ድርሰት ይዘው "ይሄ የማሽን ነው" አሉ። ተማሪው "የራሴ ነው" አለ። ማስረጃ ግን ማንም አልነበረውም። የክበቡ ልጆች ይህን ሲሰሙ "ማሽኑ ራሱ ለምን ምልክት አያደርግበትም?" ብለው ጠየቁ። ዋተርማርክ ወደሚባለው ስውር ምልክት የገባነው በዚህ ነው።

በ2023 የአሜሪካው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን ዘዴ መረጥን፤ በእጅም ሊሠራ ይችላልና። ጽሑፍ የሚያመነጨው ማሽን፣ የቋንቋ ሞዴል የሚባለው፣ የሚጽፈው ቶከን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ቶከን ቃል ወይም የቃል ክፋይ ነው። ሞዴሉ በየደረጃው ለሁሉም ቶከኖች ነጥብ ይሰጥና ከፍ ያለ ነጥብ ካገኙት አንዱን ይመርጣል። ምልክቱ የሚገባው ከምርጫው በፊት ነው። ቀዳሚው ቶከን ከአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ጋር ይጣመርና ቶከኖቹን በዕጣ መልክ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ። አረንጓዴዎቹ ትንሽ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛሉ። ቀዩ አይከለከልም፤ ዕድሉ ብቻ ይቀንሳል። ቀጣዩ ቶከን ላይ ዕጣው እንደገና ይወጣል።

አንባቢ ምንም አያይም። ቁልፉ ያለው ሰው ግን ያንኑ ዕጣ ደግሞ አውጥቶ አረንጓዴዎቹን ይቆጥራል። ሰው በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ግማሽ ገደማ አረንጓዴ ይወጣል። ምልክት ባለበት ከግማሽ በላይ ይሆናል።

ልጆቹ ቶከንን በቃል ተክተው ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። አንዱ ልጅ ሞዴል ይሆናል፤ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት መካከል ሲያመነታ ፕሮግራሙን ጠይቆ አረንጓዴውን ይወስዳል። ሌላው ይቆጥራል። ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው የርዝመት ነገር ነው። ከ100 ቃላት 80ው አረንጓዴ ሆነ እንበል። የሚጠበቀው 50 ነው፤ መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ቁጥሩ በአጋጣሚ ከፍ ዝቅ የሚልበት የተለመደ መጠን፣ 5። ስለዚህ ከሚጠበቀው በ6 ልይይት ርቋል፤ ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። በ25 ቃላት ግን ያው 80 በመቶ 20 አረንጓዴ ነው። የሚጠበቀው 12.5፣ ልይይቱ 2.5፤ ርቀቱ 3 ብቻ። ተመራማሪዎቹ "ምልክት አለ" ለማለት እንደ ምሳሌ የወሰዱት ወሰን 4 ነው፤ በዚያ ወሰን ከ100,000 የሰው ጽሑፎች 3 ያህሉ በስህተት ይያዛሉ። ስለዚህ አጭር መልስ ላይ ብዙም አይሠራም።

ምርጫ በሌለበትም አይሠራም። "የኢትዮጵያ ዋና ከተማ አዲስ" ካልን በኋላ "አበባ" ቀይ ብትሆንም መጻፏ አይቀርም። የሒሳብ መልስ፣ ኮድና ጥቅስ ምልክት በደንብ የማይዙት ለዚህ ነው።

ከዚያ ማፍረሱ መጣ፤ ልጆች ሲባሉ ይህን ይወዳሉ! ከ100ው ቃላት 30ውን፣ ጎን ለጎን ያልሆኑትን፣ ቀየሩ እንበል። የተበላሸው 30 ሳይሆን 60 ነው፤ ምክንያቱም የሚከተለው ቃል ዕጣም ከተቀየረው ቃል ነው የሚወጣው። በ60ው ላይ አረንጓዴ በአማካይ 30 ይሆናል፤ ሳይነካ ከቀረው 40 ደግሞ 32። ድምሩ 62፣ ርቀቱ 2.4። ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አገኘች። አንድም ቃል ሳትለውጥ ፊደል ብቻ ቀየረች። ከተማችንን ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ ብለን እንጽፋለን፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለፕሮግራሙ ሦስት። "ሰላም"ን "ሠላም"፣ "ጸሐይ"ን "ፀሐይ" እያደረገች ሄደች። ትርጉሙም ንባቡም አልተነካም፣ ቆጠራው ግን ወደ ግማሽ ወረደ። እውነተኛ ሞዴልም ላይ የፊደል ለውጡ ቶከኖቹን ስለሚለውጥ ያው ችግር ይኖራል። በእኔ እይታ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው።

ለመምህራን ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። ቆጠራው ቁልፍ ይፈልጋል። ጉግል በጄሚናይ ጽሑፍ ላይ ሲንትአይዲ የሚባል ምልክት ያደርጋል፤ አሠራሩንም በ2024 አሳትሟል። ቁልፉ ግን በእሱ እጅ ነው። ሌላ ኩባንያ የሠራው ሞዴል ያንን ምልክት አይዝም፤ ሰው በራሱ ኮምፒውተር የሚያስኬደው ክፍት ሞዴል ላይ ደግሞ ምልክቱን ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ ምልክት አልተገኘም ማለት ተማሪው ጻፈው ማለት አይደለም፤ ማሽን ጻፈው ማለትም አይደለም።

ለሚቀጥለው ዓመት የተያዘው ሥራ የፊደሉ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ከመቁጠር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ነበር። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ዕጣው ሲወጣ "ሠ" ከነበረ ሲቆጠር "ሰ" ማድረጉ ራሱ ምልክቱን ያፈርሳል። በዕጣውም በቆጠራውም ጊዜ አንድ ዓይነት ፊደል መታየት አለበት። ፕሮግራሙ በዚሁ መልክ እየተጻፈ ነው፤ "አዋሳ" ላይ ገና አልተስማሙም።