የልጄ ክንድ ላይ ያለው ችፌ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ ተማሪዎች የቆዳ ሕመም ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ አይቶታልና አልደግመውም። እኔን ያስቆጣኝ ፎቶው ነው። የልጅ ክንድ ነው፣ የክርን እጥፋቱ በኩል። ቆዳው ጠቁሯል፣ ደርቋል፣ የጥፍር ጭረት አለበት። ከሥሩ «እከክ፣ በንጽሕና ጉድለት የሚመጣ ተላላፊ በሽታ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ዝቅ ብላችሁ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ቆዳው እስኪጠራ ከቤት እንዳይወጣ መክራችኋል።

ፎቶው ላይ ያለው ችፌ ነው። ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት። የ8 ዓመት ልጄ ክንድ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። ላለፉት 7 ዓመታት ጠዋት ማታ ስቀባው የኖርኩትን ነገር ከሌላ አላምታታውም።

ጽሑፋችሁ በወጣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቷ ገጹን ቆርጦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። በማግስቱ ጠዋት የበሩ ጥበቃ የልጄን እጅ አይቶ «ይቺማ የሐኪም ወረቀት ሳታመጣ አትገባም» አለኝ። ጓደኞቿ በአጠገቧ እያለፉ ይገባሉ። እሷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሳበችው። ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐዩ ከርሯል፣ ሹራቡን ግን አላወልቅም አለች። ሱፍ፣ ላብና ሙቀት ችፌን ያባብሳሉ። ማታ እጅጌውን ስገለብጠው ክርኗ ውስጥ እዥ ያዣል። ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረች። የጻፋችሁት መስመር ያደረገው ይህን ነው።

አሁን ረጋ ብዬ ልናገር። እከክ የሚመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ ስትቆፍር ነው። የሚተላለፈው ቆዳ ለቆዳ ለረጅም ጊዜ ሲነካካ፣ ለምሳሌ አንድ አልጋ ላይ ሲታደር ነው። እሱም ቢሆን በቆሻሻ የሚመጣ በሽታ አይደለም። በጣት መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ ይወጣል። ሌሊት ይብሳል። ደግሞ እቤት ውስጥ ሌላም የሚያሳክከው ሰው አይጠፋም። ችፌ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ገና በሕፃንነት ነው፣ ይሄዳል ይመለሳል። በዚህ ዕድሜ የሚወደው ቦታ የክርንና የጉልበት እጥፋት፣ አንገትና የእጅ አንጓ ነው። ቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም ሳይነስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የልጄ አባት አስም አለበት። እቤት አምስት ነን፣ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ የምትተኛ እህት አለቻት። በ7 ዓመት ውስጥ ማንንም አልያዘም። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፣ በዓይን ብቻ መለየትም አንዳንዴ ያስቸግራል። ለዚህ ሐኪም አለ። የበር ጥበቃ ወይም የፎቶ መግለጫ ጸሐፊ ግን ሊፈርድ አይችልም።

«ቆዳው እስኪጠራ» ያላችሁትስ? እኛ ቆዳ ላይ ችፌ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ አንዳንዴ አመድማ ነው። ከዳነ በኋላ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል። ነጣ ያለውን አይተው «ለምጽ ነው» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ቆዳው እስኪጠራ ይጠበቅ ከተባለ ልጄ ዓመቱን ሙሉ እቤት ልትቀመጥ ነው። እከክ እንኳ ቢሆን መድኃኒቱን ተቀብቶ ያደረ ልጅ በማግስቱ ይማራል። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ይህን የጻፈው ሰው አንድ የቆዳ ሐኪም ደውሎ ጠይቆ ነበር?

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ «የንጽሕና ጉድለት» የሚለው ነው። ልጄ 2 ዓመት ሲሆናት ጎረቤት እንደዚያ ስላለኝ በቀን ሁለቴ በልብስ ሳሙና እየፈተግሁ አጥባት ነበር። ቆዳዋ እንደ ክረምት መሬት ተሰነጠቀ። የችፌ ቆዳ ውሃውን የሚይዝለት አጥር የላላ ነው፤ ሳሙና የቀረችውንም ቅባት ያጥባል። የሐኪሙ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሳሙናውን ተይው» የሚል ነበር። አንድ እናት የእናንተን ጽሑፍ አንብባ እኔ ያደረግሁትን ዛሬ እያደረገች ይሆናል።

ዘገባችሁ ችፌ ላለበት ልጅ ወላጅ አንድ መስመር አልሰጠም። መምህራንም ምን ማድረግ እንዳለባቸው አልነገራችሁም። ስለዚህ ልጄ በተመለሰችበት ቀን ለክፍል ኃላፊዋ የጻፍኩትን ደብዳቤ እዚህ አስቀምጫለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ የእኔን ቁጣ ቁረጡና ይህን አትሙልኝ።

«ለተከበሩ መምህርት፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ችፌ አለባት። አይተላለፍም። አጠገቧ መቀመጥ፣ እጇን መያዝ፣ በእስክሪብቶዋ መጻፍ ማንንም አይጎዳም። እባክዎ ይህን አንድ ቀን ለክፍሉ ልጆች እርስዎ ይንገሯቸው። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ያምናሉ።

የሚነሳባት በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ አየሩ ሲደርቅና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ። ሲነሳባት ሌሊት ስታክ ታድራለች። በማግስቱ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ካንቀላፋች ሰንፋ አይደለም። እንዲህ ያለ ሌሊት ባደረች ቁጥር ጠዋት በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ «አልተኛችም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ይዩልኝ።

የሐኪሙን መድኃኒት እቤት እኔ ነኝ የምቀባት፣ በዚያ አላስቸግርዎትም። እዚያ የሚያስፈልጋት ቫዝሊን ብቻ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ሽቶ የሌለው ነው፣ ከማንኪያ ጋር። በማንኪያ ታወጣለች፣ እጅ ዕቃው ውስጥ አይገባም፣ ምክንያቱም በጣት ከተነካ ጀርም ይገባበታል። የክንዷ ፀጉር በሚበቅልበት አቅጣጫ ወደ ታች ትቀባዋለች እንጂ አትፈትገውም። ራሷ ትችላለች። የምለምንዎት ከምሳ በፊት እጇን ከታጠበች በኋላ ሁለት ደቂቃ እንዲሰጧት ነው። ቧንቧው ጋ ያለው የልብስ ሳሙና ቆዳዋን ያቃጥላታል፣ የራሷን እልክላታለሁ። በሌላው ልጅ ፊት መቀባት ታፍራለችና መምህራን ክፍል ጥግ ላይ ቢፈቀድላት ደስ ይለኛል።

የሱፍ ሹራቡ ሥር የጥጥ ካናቴራ ትለብሳለች። ሲሞቃት ሹራቡን ታውልቅ፣ ዩኒፎርም አጓደለች አይበልብኝ። ከመስኮቱ ፀሐይና ከሰሌዳው ራቅ ብላ ብትቀመጥ ጥሩ ነው፣ የጠመኔ ብናኝ ያደርቃታል። ዳስተር የማራገፍ ተራዋ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይስጧት። ስፖርት ግን አትከልክሏት። ሮጣ ስትጨርስ ላቧን በንጹሕ ውሃ ተለቃልቃ፣ ካናቴራ ቀይራ፣ ትቀባ። በቃ።

ስታክ ሲያዩዋት «አትከኪ» አይበሏት። ሲከለክሏት ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅ ይብሳል። እጇን ሥራ የሚያስይዝ ነገር ይዘዟት፣ ደብተር ታድል ወይም ትሰብስብ። ካልተዋት ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ቦታው ላይ ትጫነው። ምግብ አትከልክሏት። ሐኪም የከለከላት ምግብ የለም። እንቁላል ይሁን ወተት ጓደኛዋ ካካፈላት ትብላ።

ሁለት ነገር ሲያዩ ግን በዚያው ሰዓት ይደውሉልኝ። አንደኛው ቁስሉ ላይ እንደ ማር ቢጫ ቅርፊት ከወጣ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት ነው። ጀርም ገብቶበታል ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ውሃ የቋጠሩ ወይም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ፣ እኩል እኩል የሆኑ ትንንሽ ቁስሎች ተሰብስበው ከወጡና ከማሳከክ ይልቅ ካመሟት፣ ያን ቀን ሐኪም ማየት አለባት። ይህን የሚያመጣው ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ነው። ለሌላው ልጅ በጥቂት ቀን የሚጠፋ ነገር ነው፣ ችፌ ያለበት ልጅ ላይ ግን ሰውነት ሁሉ ሊዳረስ ይችላል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ልጅ ካለ ከእሷ ጋር በአንድ ኩባያ እንዳይጠጡ፣ እንዳይሳሳሙ ይጠንቀቁልኝ። ችፌዋ ለማንም አይተላለፍም። ምቹ ግን ለእሷ ይተላለፍባታል።

እናቷ»

መምህርቷ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ምች ነበር። እሳቸውም ምች ከፀሐይ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ተነስተው የልጄን ወንበር ከመስኮቱ አነሱት። ይህን ሁሉ ለማድረግ የፈጀው አሥር ደቂቃ ነው። የእናንተ ጋዜጣ ይህን አሥር ደቂቃ ቢያስቀድም ልጄ ሦስት ቀን ባልቀረች ነበር።

የምጠይቃችሁ ማስተካከያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን፣ ከዚያው ፎቶ ጋር እንዲወጣ ነው። ከፎቶው ሥር «ችፌ፣ አይተላለፍም» ብላችሁ ጻፉ። በሁለተኛው ገጽ ጥግ በደቃቅ ፊደል ካወጣችሁት አይጠቅመኝም። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሰው ሁሉ ከሩቅ ነው ያነበበው። ማስተካከያው በወጣ ቀን ሁለት ቅጂ እገዛለሁ። አንዱን ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ፣ አንዱን ለጥበቃው እሰጣለሁ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ከአዲስ አበባ