ጉዳዩ፦ ከእናንተ የገዛሁት የቤት በጀት ፋይል ማስጠንቀቂያ አለመስራቱን ይመለከታል

ለሸጣችሁልኝ ድርጅት
ደሴ

ፋይሉን ከሱቃችሁ የገዛሁት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ልጁ ሲያሳየኝ «አብሽሪ፣ ካቀድሽው ስታልፊ ራሱ ቀይ ያበራል» አለኝ። የገዛሁትም ለዚያ ቀይ ብዬ ነው፤ መደመሩንማ በደብተርም እደምራለሁ።

ለሕክምና 1,500 ብር መደብኩ። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ትንሹ ልጄ ጉሮሮውን ታመመ። እኔ 600 ብር መዘገብኩ። ባለቤቴ ደግሞ በሌላ ቀን 850፣ ቀጥሎም 400 ብር አስገባ። በድምሩ 1,850 ነው። ፋይላችሁ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ «ቀሪ 900» እያለ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። እኛም አምነነው ሌላውን ብር ለበዓል ዶሮ አወጣነው።

ነገሩ የገባኝ የወጪ ገጹን የብር ዓምድ በሙሉ ስመርጠው ነው። ከታች Sum የሚለው 14,250 ይላል። የማጠቃለያ ገጻችሁ ድምር ግን 13,000 ነው። 1,250 ብር የት ገባ? 850 እና 400 ስደምር ልክ እሱው መጣ። ሁለቱም የባለቤቴ መዝገቦች ናቸው። እኔ እንደ ዕቅዱ ገጽ «ሕክምና» ብዬ ጽፌያለሁ፣ እሱ «ህክምና» ብሏል። በቤታችን የሐመሩ ሐ ጠበቃ እኔ ብቻ ነኝ።

ፎርሙላችሁ ይህ ነው፦

```
=SUMIF('ወጪ'!B:B,A5,'ወጪ'!C:C)
```

ይህ የሚደምረው በ A5 ካለው ቃል ጋር በፊደል የገጠመውን ብቻ ነው። ለሰው ሕ እና ህ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለፋይሉ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት። ያልገጠመውን «ስህተት» አይልም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በአማርኛ ለሚጽፍ ቤተሰብ በተሸጠ ፋይል ይህ ሳይታሰብበት መቅረቱ ነው ያናደደኝ። «ፀጉር» እና «ጸጉር» ላይም ያው ነው የሚሆነው።

ሁለቱን ቃላት ሳስተካክል ቀዩ ወዲያው በራ። ምን ዋጋ አለው፣ 350 ብር ካለፈ በኋላ!

በራሴ እንዳልጠግነው ገጾቹን በይለፍ ቃል ቆልፋችኋቸዋል፤ Data Validation አይነካልኝም። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የወጪ ዓይነት የሚጻፍበት ዓምድ በእጅ መጻፉ ቀርቶ ከዕቅዱ ገጽ ዝርዝር የሚመረጥበት ይሁን። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የሚለጠፍ ቃል ግን ይህን አጥር ሊያልፍ ስለሚችል፣ የወጪ ገጹን ድምር ከማጠቃለያ ገጹ ድምር ጋር የሚያወዳድር አንድ ሴል ጨምሩ፤ ልዩነት ካለ እሱ ቀይ ይብራ።

የተስተካከለውን ፋይል በአንድ ሳምንት ውስጥ ላኩልኝ፤ ካልሆነ ገንዘቤን መልሱልኝ። ከእኔ በፊት ለገዙትም ደውሉላቸው፤ የእነሱም አረንጓዴ እውነተኛ መሆኑን አላውቅም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ