ለታዴ፦ ስለዚያ የቀይ ልብ ካሮል

ታዴ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ ስል ምን ነካው ሳትል አትቀርም። ለእህትህ ለቅሶ አለመድረሴን አልረሳሁትም። ያኔ ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ ግን ከተሻለኝ በኋላም አልመጣሁም። ከአዲስ አበባ ናዝሬት ምን ያህል መንገድ ነው? መጀመሪያ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ማፈር መጣ፣ ማፈሩ ደግሞ ዓመት ወለደ። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ ዓይንህን እያየሁ እነግርሃለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ ዱራክ፣ ሚንስክ ሳለን ስለምንጫወተው የካርታ ጨዋታ።

የልጄ ልጅ ሰላም 11 ዓመቷን ይዛለች። ክረምቱን እኛ ጋ ናት። ዝናብ ከጣለ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ከሄደ ስልኳ ይሞታል፣ ስልኳ ከሞተ ደግሞ እሷም ቤቱም ይጨንቃቸዋል። አንድ ማታ ከሱቅ ካርታ ገዛሁና ከሁለት እስከ አምስት ያሉትን፣ ከጆከሮቹ ጋር አወጣሁ። 36 ቀረ። ስድስት ስድስት አደልኳት፣ ቀጣዩን ገልብጬ የተረፈው ክምር ሥር አጋድሜ ሸጎጥኩና «ይሄ ኮዚር ነው፤ የዚህ ዘር የሆነ ሁሉ ሌላውን ይመታል» አልኳት። ካሮል ንጉሡ፣ ዳማ ንግሥቷ፣ ቱዝ ደግሞ ኤሱ መሆኑንም ነገርኳት። ኮዚር የሚለውን ቃል እንዴት እንደወደደችው ብታይ! ቀኑን ሙሉ ድመቷን ኮዚር ስትላት ነው የምትውለው።

ሁለት ቀን አልፈጀባትም። አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው በዚያው ዘር ከፍ ባለ ካርታ ወይም በኮዚር ይመታል፤ ካልቻለ ያነሳል። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ካለ፣ አጥቂው ስምንት እያወጣ መጨመር ይችላል። ተከላካዩ ሁሉንም ከመታ ካርታዎቹ ቢታ ሆነው ተገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ተራውም የእሱ ይሆናል። ካነሳ ግን ተራው ያመልጠዋል። ይሄን ሁሉ እንደ ውሃ ጠጣችው። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አላት። «አባባ፣ ማነው ያሸነፈው?» ትለኛለች። «ማንም» እላታለሁ። «የሚሸነፍ እንጂ የሚያሸንፍ የለም። ካርታውን የጨረሰ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ እጁ ላይ ካርታ የቀረበት ዱራክ ነው፣ ሞኝ ማለት ነው። የሚቀጥለውንም እሱ በውዞ ያድላል።» ጨዋታውን ያስተማረን ሳሻ የነገረንን ቃል በቃል ነው የነገርኳት። ያቺ የሚንስክ ክፍላችን ትዝ አለችኝ፤ መስኮቱ ላይ የተጋገረው በረዶ፣ በብርጭቆ የምንጠጣው ሻይ፣ አንተ ደግሞ ካርታህን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ እንደ ዶሮ ስትታቀፈው።

እና ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ። ክምሩ አልቋል፣ እኔና እሷ ብቻ ነን። በዝቅተኛ ካርታ አጠቃኋት። ትንሽ ኮዚር እያላት «ይሄን አላባክንም» ብላ በዳማ መታች። እኔ ደግሞ ሁለት ዳማ ነበረኝ። አንዱን ጨመርኩ፣ በኮዚሯ መታች። ሁለተኛውን ጨመርኩ፣ የምትመታበት አጣች። እጄ ባዶ ሆነ። ፊቷ ቀላ፣ ካርታውን ወረወረችና «አጭበርብረሃል! ያቺ ዳማ ወጥታ ነበር! ሌባ!» ብላ እየጮኸች ወደ እናቷ ሄደች።

ታዴ፣ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱን አንተ ታውቀዋለህ።

ያ ሌሊት 1977 ዓ.ም. ነበር፣ የፈተናው ሰሞን። ኮዚሩ ጥቁር ልብ። ክምሩ አልቆ እኔ እጅ ሦስት ካርታ ነበር፦ የዳይመንድ ካሮል፣ የጥቁር ልብ ሰባትና የቀይ ልብ ዘጠኝ። አንተም ሦስት ነበረህ። በዳይመንድ ስምንት አጠቃኸኝ። እኔ ኮዚሬን ልቆጥብ ብዬ በዳይመንድ ካሮል መታሁ። አንተ የአበባ ካሮል ጨመርክ፤ በኮዚር ሰባት መታሁ። ከዚያ የቀይ ልብ ካሮልን አስቀመጥክ፣ በጣም በቀስታ። እጄ ላይ የቀረው የቀይ ልብ ዘጠኝ ነው፤ ካሮል አይመታም። ጨረስክ። እኔ ዱራክ ሆንኩ።

እኔም ምን አልኩ? «ይሄ ካሮል ቢታ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ሰርቀህ ነው!» ሳሻ ፊት፣ እነዚያ ሁለት የፖድፋክ፣ የመሰናዶ ክፍሉ፣ ልጆች ፊት። አንተ አንድ ቃል አልመለስክም። ካፖርትህን አንስተህ ወጣህ። እኔም አላድልም ብዬ ካርታውን ጥዬ ተኛሁ።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጨዋታውን ከኋላ ወደ ፊት አሰብኩት። ክምሩ ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው በአበባ ዳማ አጥቅቼህ ነበር። በአበባ ካሮል መታህ። እኔ ካሮል ጠረጴዛው ላይ አየሁና የራሴን የቀይ ልብ ካሮል ደረብኩብህ። አልመታህም፤ ሦስቱንም አነሳህ። ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። የተነሳ ካርታ ደግሞ እጅ ይገባል እንጂ ቢታ አይገባም። ያን ካሮል የሰጠሁህ እኔ ራሴ ነኝ! አንተ አልሰረቅክም። ይሄን ሳይነጋ አውቄዋለሁ።

እና ዝም አልኩ። ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ቀዳሁልህ፣ አንተም ጠጣህ። በሰርጌ ዕለት ሳይቀር «ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሰውዬ ካርታ ሌባ ነው» ብዬ ሰው አሳቅኩብህ። አንተም አብረህ ሳቅህ። ያ ሳቅህ ነው የሚከነክነኝ። ታውቅ ነበር አይደል? እኔም እንደማውቅ ታውቅ ነበር? ይሄን በስልክ ልጠይቅህ ብዬ ሁለቴ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ሰላም ከተረጋጋች በኋላ ካርታውን እንደ ሚንስኩ ደረደርኩላት። የእኔን ሦስት ለእሷ፣ የአንተን ሦስት ለእኔ። «ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። መጀመሪያ እንደኔው በካሮል መታች፣ ዱራክ ሆነች። መልሼ ደረደርኩ። «እሺ፣ አነሳለሁ» አለች። ይሄም አይሆንም፤ ስምንቱን ካነሳች ተራው አሁንም የእኔ ነው። በአንዱ ካሮል አጠቃኋት፣ በሰባት መታች፣ ሌላውን ጨመርኩባት፣ አለቀ።

ለሦስተኛ ጊዜ ደረደርኩ። ዝም ብላ አየችው። ደቂቃ አልፎት ይሆናል፣ ጣቷን ኮዚር ሰባት ላይ አደረገች። «በዚህ ብመታ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስምንትና ሰባት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ካሮል ነው ያለህ። መጨመር አትችልም!» አለች። ልክ ናት። ተራው የእሷ ሆነ። በዳይመንድ ካሮል አጠቃችኝ፤ ዳይመንድም ኮዚርም የለኝ፣ አነሳሁ። ከዚያ ዘጠኟን አስቀምጣ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ባዶ። ሦስት ካሮል ታቅፌ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ይገርምሃል፣ እኔ ይሄን ዕድሜ ልኬን አላየሁትም ነበር። እንዳልሰረቅክ አውቄያለሁ፤ ማዳን እችል እንደነበር ግን አላወቅኩም። የምትመታበት ካርታ ቁጥር ለአጥቂው በር ይከፍታል። ትልቅ ካርታ ስለሆነ አይደለም ካሮሉ የገደለኝ፤ አንተ እጅ ወንድሞቹ ስለነበሩ ነው። ኮዚርን መቆጠብ ክምሩ ገና ብዙ ሳለ ያስኬዳል። ክምሩ ካለቀ በኋላ ግን መቁጠር ነው። ቢታ ያልገባና እኔ እጅ የሌለ ካርታ ሁሉ አንተ እጅ ነው፣ የት ይሄዳል? ካሮሎቹን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ ቢታ መግባቱን፣ የጥቁር ልቡ መሆኑን አውቅ ነበር። አንተ ትቆጥር ነበር። ያን ካሮል ያነሳኸውም አውቀህ ይመስለኛል፤ ጥንድ እንዲሆንልህ። እውነቴን ነው? ይሄን ካንተ ብቻ ነው መስማት የምችለው።

ሰላም አሁን ሁሉንም ትቆጥራለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። መጀመሪያ ካሮሎቹን፣ ከዚያ ቱዞቹን፣ ከዚያ ኮዚሮቹን። ዘጠኙን ኮዚር በጣቷ ነው የምትይዘው፤ አንድ በወጣ ቁጥር አንድ ጣት ታጥፋለች። ጣቶቿን አይቼ ስንት እንደቀረ አውቃለሁ፣ ግን አልነገርኳትም። እባክህ አንተም አትንገራት።

ሌላም አንድ ክርክር አለብን። እኔ «አነሳለሁ» ካለች በኋላም ተመሳሳይ ቁጥር እየጨመርኩ አሸክማታለሁ። እጇ ላይ ከነበረው ብዛት እስካላለፈ ድረስ ይፈቀዳል፤ እኛ ክፍል እንደዚያ ነበር የምንጫወተው አይደል? እሷ «የወደቀን መምታት ነው» ብላ አልቀበልም አለች። ሌላ የሚያውቅ ሰው አምጣ አለችኝ። አንተን ጠራሁላት። በመጨረሻው ጥቃት ሁለት ስድስት ከጣሉ የተሸናፊው ትከሻ ላይ እንደ ማዕረግ እንደሚደረግም ሳሻ እንዳሳየን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ከእጇ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ሁለቴ ተሸንፋለች፣ አልተወችም።

ታዴ፣ ወገቤ መንገዱን ይችለዋል፣ ና ካልከኝ እመጣለሁ። አንተ ከመጣህ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ቤት ነን። ሰላም የሚንስኩን ታሪክ በሙሉ ታውቃለች፤ ማን እንደዋሸም ነግሬያታለሁ። «እና ይቅርታ ጠየቅከው?» አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁ።

ካርታውን እኔ በውዤ አድላለሁ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ተራው የእኔ ነው።

ወንድምህ ግርማ