የአያቴ ስም በፖስታ ሣጥኑ ላይ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ተሰማ
መንዝ፣ ሞላሌ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልዎ ቤዛ ናት። ቤዛዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ እንደ ዜና አንባቢ አትሩጪ።

ባለፈው እሑድ ስለ ዓይንዎ ስጠይቅዎ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይጋርደኛል» አሉኝ። እህቴ ደግሞ ቡናውን ከስኒው ውጭ ሲቀዱ እንዳየችዎ ነገረችኝ። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ «ደመወዝ ከተቀበልክ ገንዘቡ ምነው ዘገየ?» ላሉኝ መልስ ልስጥ። በስልክ «ትንሽ የወረቀት ጣጣ አለ» ብዬ አለፍኩት። ጣጣው ግን ስማችን ነው። የእኔ፣ የእርስዎና የአያቴ።

ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የመሥሪያ ቤቴ ጸሐፊ የባንክ ሂሳብ ቁጥር እንዳመጣ ነገረችኝ። እዚህ ደመወዝ በእጅ አይሰጥም። ሂሳብ ከሌለህ ሠርተህም ገንዘቡ የሚገባበት የለም። በዚያን ቀን ሥራ ስላልነበረኝ በጠዋት ተነሣሁ።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርኩ። በቪዲዮ የሚያነጋግር ሰው አለ፤ ፓስፖርትህን ካሜራው ፊት ታዞራለህ፣ የሚያብለጨልጨውን ማኅተም በብርሃን ያያል፣ እዚያው ያበቃል። የእኔን ሁለት ጊዜ አስገለበጠኝና «ይህን ፓስፖርት በዚህ መንገድ አንቀበልም፣ በአካል ቅርንጫፍ ይሂዱ» ብሎ ዘጋው። ጓደኞቼም ይኸው ደርሶባቸዋል።

ቅርንጫፍ ሄድኩ። ብርዱ የመንዝ ብርድ ነው፤ ባና የሚደርብ ሰው ግን አይታይም። ፓስፖርቴን፣ የሥራ ውሌንና ከከተማው አስተዳደር ያገኘሁትን የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት ይዣለሁ። ያለ እሱ ወረቀት እዚህ አገር ሰው አይደለህም፤ ቤት እንደገባህ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ነው። ሴትዮዋ ፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አይታ «የመኖሪያ ፈቃድ ካርድህ ሲደርስ ተመለስ» አለችኝ። ካርዱ የሚመጣው ገና ከሳምንታት በኋላ ነው። የወሩ መጨረሻ ደግሞ ቀርቧል።

ወጥቼ በር ላይ ቆሜ ለአንድ የደብረ ሲና ልጅ ደወልኩ። እዚህ አምስት ዓመት ቆይቷል። ሳቀብኝ። «ቃሉን አልነገርካቸውማ፤ ባዚስኮንቶ በላቸው» አለኝ። መሠረታዊ ሂሳብ ማለት ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ሕግ አለ፤ በሕጋዊ መንገድ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጥገኝነት ጠያቂም ሆነ ቤት የሌለው፣ ይህን ሂሳብ የመክፈት መብት አለው። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በኋላ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። ብድር የለውም። ያለህን ብቻ ታወጣለህ፣ ከዜሮ በታች አያወርድህም። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ዕዳ እንደሆነ ከቤት ይዤው መጥቻለሁ።

ተመልሼ ቃሉን ተናገርኩ። ሴትዮዋ ምንም ሳትል ከሌላ መሳቢያ ሌላ ቅጽ አወጣች። ይኸው ነው፣ አባዬ። ቃሉን ያላወቀ ሰው ከበር ይመለሳል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የአሜሪካ ዜጋ ነህ? አይደለሁም። ግብር የምትከፍለው የት አገር ነው? እዚህ። ራስህ ወይም የቅርብ ዘመድህ ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ላይ ያለ ሰው አለ? እርስዎ የእድር ዳኛ የነበሩበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ልስቅ ነበር። የለም አልኩ። እነዚህን ማንንም ይጠይቃሉ፤ አለመደንገጥ ነው።

እዚህ ድረስ ደህና ሄድን። ቀጥሎ ፓስፖርቱንና የሥራ ውሉን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓስፖርቴ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የተጻፈው እንግዳ ነው። የአያቴ ስም። «ሽመልስ ተሰማ» የሚለው ሁለቱም የእኔ መጠሪያ ሆኖ ነው የገባው። እርስዎ እዚህ አገር አባቴ አይደሉም፤ ሁለተኛ ስሜ ነዎት። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ውሉን ያዘጋጀው ከነርስነት ዲፕሎማዬ ነው። እዚያ ላይ ሽመልስ ተሰማ ብቻ ስለሚል የቤተሰብ ስሜን ተሰማ ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ በባንኩ ዘንድ አቶ እንግዳ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ አቶ ተሰማ ነኝ።

እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳኋት። የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩላት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «ይገባኛል፤ ሂሳቡ ግን በፓስፖርቱ ስም ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሕግ ነው» አለች። ከዚያ የጠቀመኝን ነገር ነገረችኝ። ካለፈው መስከረም ማብቂያ ጀምሮ ገንዘብ የሚልክ ሰው ስምና ቁጥር ሲያስገባ ባንኩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ስሙ ከሂሳቡ ባለቤት ጋር ካልገጠመ ለላኪው ማስጠንቀቂያ ይወጣለታል። ድሮ ቁጥሩ ልክ ከሆነ ስሙን የሚያይ አልነበረም። «ስለዚህ ዛሬውኑ ለመሥሪያ ቤትህ የቤተሰብ ስምህ እንግዳ መሆኑን ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። የዘገየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፊርማዬን በአማርኛ ፈረምኩ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው። ቁጥሩን አትማ ሰጠችኝ። 22 ፊደልና አኃዝ ነው። በሁለት ፊደል ይጀምራል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የማረጋገጫ ናቸው፤ አንድ ቁጥር ብትሳሳት ሲስተሙ ያውቅብሃል። ከዚያ ተነሥታ እጄን ጨበጠችኝና «እንኳን ደህና መጡ፣ ሄር እንግዳ» አለችኝ።

አባዬ፣ ሄር ማለት አቶ ነው። አቶ እንግዳ። በአማርኛ ቢሰሙት ለስደተኛ ያወጡለት ስም ይመስላል። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የነካኝ። ያንን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው።

ቤዛ፣ እዚህ ጋ አያትሽ ዝም ካሉ ዝም በይ፤ ቆይተሽ ቀጥይ።

የወንዝ ዳሩን ማሳ ነገር አላነሣም። ማን እንደበደለ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴ ታመው «ሽመልስን አምጡልኝ» ብለው መላካቸውን ነው። እርስዎ የአጥሩ በር ላይ ቆመው «ከዚህ ቤት ማንም አይሄድም» አሉ። ጫማዬን አድርጌ ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጡሩምባው ተነፋ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ያ ስም አልተጠራም። አንድ ቀን ብቻ ሲቀር። በጎቹን ሸጠው ደብተር ሊያወጡ ባንክ ይዘውኝ የሄዱ ዕለት ልጅቷ «ስም?» አለች። «ተሰማ።» «የአባት ስም?» ዝም አሉ። ኮፍያዎን አወለቁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችዎ። ከዚያ በቀስታ «እንግዳ» አሉ። ሦስተኛውን ስም ሲነግሯት ጀርባዎን ሰጥተውኝ ስለነበር አልሰማሁትም።

ልወቅስዎ አይደለም የምጽፈው። ወይም ትንሽ ልወቅስዎ ነው። ያን ቀን በበሩ አላሳልፍም ያሉኝ ለእኔ አስበው ነው ብዬ ብዙ ዓመት ለራሴ ነገርኩት፤ አሁንም እላለሁ። ዛሬ ግን የሰው አገር ሽማግሌዎችን እያበላሁ፣ እያጠብኩ እውላለሁ። አንዱ ማንኪያውን ሲስት እጁን እይዝለታለሁ። የእርስዎ ስኒ ትዝ ይለኛል። ስድስት ወር ሳይሞላኝ ሙሉ የዓመት ፈቃድ አይሰጡኝም፤ እስከ ሐምሌ መሆኑ ነው። ሌሊት ስልክ ከጮኸ አነሣዋለሁ፣ ግን ቁጥሩን ሳላይ አላነሣም።

ልጨርስልዎ። የባንክ ካርዱ በፖስታ ነው የሚመጣው፤ የሚስጥር ቁጥሩ ደግሞ ለብቻው በሌላ ፖስታ፣ ሌባ አንዱን ቢያገኝ በሁለቱም እንዳይጠቀም። ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ባንክ ስሄድ ሁለቱም ተመላሽ ሆነዋል። እዚህ የቤት ቁጥር የሚሰጠው ለሕንፃው እንጂ ለየክፍሉ አይደለም፤ ፖስተኛው የሚያየው ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። እኔ ለጥፌ የነበረው ተሰማ ብዬ ነው። የእርስዎ ስም ነው የእኔ ስም ብዬ። እንግዳ የሚባል ሰው እዚያ ሕንፃ ላይ የለም ብሎ መለሰው። ፖስተኛው ምን ያድርግ።

በዚያው ማታ በትልቁ እንግዳ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥር በትንሹ ተሰማ። ካርዱ በአምስተኛው ቀን መጣ፣ የሚስጥር ቁጥሩም ተከተለ። ደመወዜም ገብቷል።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ለዓይን ሞራው ማስወገጃ ደብረ ብርሃን ቀጠሮ አስይዘናል። አይ ካሉ እህቴ ተሸክማ ትወስድዎታለች፣ ተነጋግረናል። «ገንዘብ አታባክን» እንዳይሉኝ። ገንዘቡን በእርስዎ ደብተር ነው የምልከው። እህቴ ከ1000 የሚጀምረውን 13 አኃዝ ቁጥር ልካልኛለች፤ ቁጥሩ ደህና ነው። የመላኪያው ቅጽ ግን የተቀባዩን ስም እስከ አያት ይጠይቃል፣ በደብተሩ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል። ተሰማ ብዬ ጻፍኩ። እንግዳ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ጋ ቆምኩ። የአያትዎን ስም አላውቀውም።

ደብተሩን ቤዛ ከሣጥኑ ታውጣና ትየው ብዬ ነበር። ተውት፣ ደብተሩን አታውጪ ቤዛ። እርስዎ ይንገሯት፣ ሦስቱንም፤ እሷ ትጽፍልኛለች።

ልጅዎ ሽመልስ ተሰማ እንግዳ
ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.