ለሥራ እና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ሦስት ወር እየተባለ ስለሚታደሰው ውል

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ የአንዲት ልጅ ታሪክ ላጫውታችሁ ብዬ ነው። ልጅቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «የትኛው ፋብሪካ ይሆን?» ብላችሁ አትድከሙ። ሕጉን ግን አልፈጠርኩትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ተጽፎ ያለ ነው።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። የምትሠራው በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ፣ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። ከማሽኑ እየተንሸራተተ የሚመጣውን ጥቅል እየቆጠረች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች፣ የተሰበረበትን ለይታ ታስቀምጣለች፣ ካርቶኑ ሲሞላ በፕላስተር ታሽጋለች። ስትቀጠር የሦስት ወር ውል ፈረመች። ጊዜው ሲያበቃ ሌላ የሦስት ወር ውል ፈረመች። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት። በእያንዳንዱ ውል ማብቂያ መታወቂያዋን ታስረክብና ጥቂት ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ይደወልላታል፣ ሄዳም ቀኑ ብቻ በተቀየረበት በዚያው ጽሑፍ ላይ ትፈርማለች። ግልባጭ ስትጠይቅ «ፋይልሽ ውስጥ አለ» ትባላለች። ፋይሉ ያለው ደግሞ እነሱ ዘንድ ነው።

አንድ ቀን እናቷ ታመው ወደ ሀገር ቤት ለመሄድ የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ እሷ ግን እስከዚያ ቀን አንዱንም አልወሰደችም። የሰው ሀብት ክፍሉ ባልደረባ ፊታቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ቋሚ አይደለሽም» አሏት። ያን ጊዜ የነበረው ውል ሲያበቃ ስልኩ አልተደወለም። ራሷ ስትደውል «ለበዓሉ ሥራ ሲበዛ እንጠራሻለን፣ ታገሺ» ተባለች። ታገሰችም።

ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ ነው አንዲት የሠፈር ሴት እጇን ይዘው አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ የወሰዷት። ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ውሉ ላይ ስንት ወር እንደተጻፈ ቀድሞ አልጠየቃትም።

«የታመመች ወይም የወለደች ሠራተኛ ተክተሽ ነበር?»

«አይ።»

«ለበዓል ገበያ ብቻ ነው የሚያሠሯችሁ?»

«ኧረ ዓመቱን ሙሉ ነው።»

«ማሽኑ የሚቆመው መቼ ነው?»

«ሲበላሽ።»

ክርክሩ በሙሉ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ከዚህ የሚወጣው አንቀጽ 10 የዘረዘራቸው ሁኔታዎች ሲኖሩ ብቻ ነው። ዝርዝሩ የሚናገረው ስለ ሥራው ዓይነት ነው፦ ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ መተካት፣ ከተለመደው በላይ የሆነ የሥራ ጫና፣ አደጋን ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ እነዚህንም የመሳሰሉ። በድንገት ለዘለቄታው በተለቀቀ ቦታ ላይ ሰው ለጊዜው መመደብ እንኳ የሚፈቀደው ከ45 ተከታታይ ቀናት ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብስኩት የሚያመርት ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ብስኩት ያሽጋል። ሥራው በባሕርዩ ቀጣይ ከሆነ፣ አሠሪው ወረቀቱ ላይ «ሦስት ወር» ብሎ ስለጻፈና ሠራተኛዋም ስለፈረመች ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። አዋጁ ለሙከራ ጊዜ የሚሰጠው 60 የሥራ ቀናት ብቻ መሆኑን ስታስቡት፣ ይህች ልጅ ለሁለት ዓመት ተኩል ምን እየተሞከረባት እንደነበር ይገርማል።

ልዩነቱ በገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ላስላው። ደመወዟ በወር 4,500 ብር፣ በቀን 150 ብር ነው እንበል። ፋብሪካው እንደሚለው ውሉ በጊዜው አብቅቶ ከሆነ፣ ስለ መሰናበቷ የሚከፈላት ካሣ የለም። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ከተባለ ግን ስልክ ሳይደውሉ መተው ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት ነው። ያን ጊዜ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ልትጠይቅ ትችላለች፤ መመለሱ የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ካሣው የቀን ደመወዟ 180 ጊዜ ተባዝቶ 27,000 ብር ይሆናል። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገለች የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 9,000 ብር ይጨመራል። በአንድ ወረቀት አጻጻፍ ምክንያት ከእጇ የሚወጣው፣ የፈቃድ ክፍያውን ሳልቆጥር፣ ቢያንስ 36,000 ብር ነው።

ማስረጃው እንዳሰበችው አልከበዳትም። የውሉ ግልባጭ ባይኖራትም ደመወዟ በባንክ ስለሚገባ የሒሳብ መግለጫ አወጣች፤ የፋብሪካው ስም በየወሩ ሰፍሯል። አብረዋት የሚያሽጉ ሁለት ሴቶች ለመመስከር ፈቃደኛ ሆኑ፤ አንደኛዋ መጀመሪያ «የእኔም ውል በሚቀጥለው ወር ያልቃል» ብላ ነበር። የአገልግሎት ዘመኗንና የሥራ ዓይነቷን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ እንዳለበትም አወቀችና በጽሑፍ ጠየቀች። ሠራተኛ ለዚህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ገንዘብ እንደማይከፍልም የሰማችው ያን ዕለት ነው። በየውሉ መካከል ያሉት ጥቂት ቀናት አገልግሎቷን ያቋርጣሉ ብሎ ፋብሪካው መከራከሩ አይቀርም፤ እሱን ፍርድ ቤቱ ይመዝነዋል።

የሚያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር ቢኖረውም ቦታዋን የማስመለስ መብቷ ግን በሦስት ወር ይዘጋል። «ታገሺ፣ እንጠራሻለን» የሚለው ቃል ከደግነት ይሁን ከብልጠት አላውቅም፤ ያስገኘው ውጤት ግን አንድ ነው፤ ከሦስቱ ወር ሁለቱን በላው። ልጅቷ ክሷን ለሥራ ክርክር ችሎት ስታስገባ የቀሯት ጥቂት ቀናት ነበሩ።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ድርጅት የመግባት ሥልጣን አለው። ሲገባ ውሉን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ የሁለት ዓመት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ያስቀርብና ያንኑ ስም በዚያው ክፍል ውስጥ በየሦስት ወሩ እየወጣና እየገባ ያገኘው እንደሆነ ይቁጠር። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ማንኛውም ውል አንቀጽ 10 በፊደል ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በየትኛው ላይ እንደተመሠረተ በግልጽ የሚጻፍበት መስመር ያለው ናሙና አዘጋጁ፤ ያን መስመር በእውነት መሙላት የማይችል አሠሪ እዚያው ላይ ይታወቃል። የውሉ አንድ ግልባጭም በፈረመችበት ቀን ለሠራተኛዋ ይሰጥ፤ ከግርጌውም ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ወር መሆኑ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዜጋ