የቆመ መኪና ሁልጊዜ ከጥፋት ነጻ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ በዚሁ ዓምድ «የቆመ መኪና የገጨ ሰው ምን የሚያከራክር ነገር አለው? ይክፈል እንጂ» ሲሉ ጽፈዋል። በመኪና አደጋ ክርክሮች ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ይህን አባባል ከባለጉዳዩም ከሽማግሌውም አፍ ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ችግሩ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2098 ጉዳቱ የደረሰው በከፊል በተበዳዩ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ የሚያገኘው ከፊል ካሳ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ድርሻው ሲወሰንም የሁለቱም ጥፋት ክብደትና ጉዳቱን በማድረስ ረገድ የነበረው ሚና ይታያል። «የቆመ» እና «የሚሄድ» የሚል ክፍፍል በዚህ አንቀጽ የለም። ቁጥር 2035 ደግሞ በግልጽ የተደነገገን ሕግ ወይም ደንብ መጣስ ራሱ ጥፋት ነው ይላል። መኪናውን በተከለከለ ቦታ ያቆመ ሰው እንግዲህ ሞተሩን ስላጠፋ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም።

በአገር አቋራጭ መንገዶቻችን ላይ በየጊዜው የሚያጋጥመውን እንመልከት። አንድ አይሱዙ በሌሊት ጎማው ይፈነዳል። ሾፌሩ መኪናውን ከአስፋልቱ ማውጣት ሲችል ግማሽ አካሉን መንገዱ ላይ ያስቀረዋል። የኋላ መብራቱ አይሠራም፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን በማስቀመጥ ፈንታ ጥቂት ድንጋይና ቅጠል ከኋላ ይደረድራል። (ጎማው ተቀይሮ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መቅረቱ ሌላ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ጉዳይ ነው።) ከኋላው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትመጣ አንዲት የቤት መኪና አጭር መብራት አብርታ ትደርስና ትገጨዋለች።

ጥፋቱ የማን ነው? በ80 ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ ድምሩ ወደ 70 ሜትር ነው። አጭር መብራት ጨለማ ውስጥ የቆመን ጥቁር አካል የሚያሳየው ከዚህ ባነሰ ርቀት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መብራቱ ከሚያሳየው በላይ ፈጥኗል፤ ይህ የእሱ ጥፋት ነው። በ60 ቢሆን ኖሮ ወደ 45 ሜትር ገደማ ይበቃው ነበር። በሌላ በኩል አይሱዙው አንጸባራቂ ቢያስቀምጥ ወይም መብራቱ ቢሠራ ኖሮ ያው በ80 የሚመጣው ሾፌር ከሩቅ አይቶ ይቆም ነበር። አንዱ ጥፋት ሌላውን አያጠፋውም።

ፍርድ ቤቱ የሾፌሩን ድርሻ 60፣ የአይሱዙውን 40 በመቶ አደረገው እንበል። የቤት መኪናዋ ጉዳት 300,000፣ የአይሱዙው 50,000 ብር ነው። የቤት መኪናዋ ባለቤት ከጉዳቷ 40 በመቶውን፣ 120,000 ብር ያገኛል። የአይሱዙው ባለቤት ከራሱ ጉዳት 60 በመቶውን፣ 30,000 ብር ያገኛል። ሲቻቻል በመጨረሻ 90,000 ብር ከኪሱ የሚያወጣው ቆሞ የተገጨው፣ ያውም ጥፋቱ ያነሰው ሰው ነው። ደንበኞቼ ይህን ስሌት ሳሳያቸው ቀልድ ይመስላቸዋል።

ገጪው ግን ቶሎ ደስ አይበለው። አቋቋሙ ደንብ ስለተጣሰበት ብቻ ድርሻ አይከፈልም፤ ጥፋቱ ለአደጋው ምክንያት መሆን አለበት። በቀትር፣ በቀጥተኛ መንገድ፣ ከ200 ሜትር የሚታይ መኪና «ማቆም ክልክል ነው» ከሚል ምልክት ሥር ቆሞ ስልኩን እያየ የሚነዳ ሰው ቢገጨው፣ ያቆመው ሰው ቅጣቱን ለትራፊክ ፖሊስ ይከፍላል እንጂ ለአደጋው ድርሻ ሊሰጠው አይገባም። ያው መኪና ከጠምዛዛው ወዲያ ቢቆምና የሚመጣው ሾፌር ሊያየው ባይችል ግን መልሱ ይለወጣል።

ለዚህ ነው ክርክሩ የሚያልቀው በማስረጃ የሆነው። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ የኋላው ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ምን ያህል ገብቶ እንደነበር፣ የፍሬን ምልክቱ ከየት እንደጀመረ፣ መብራቱ ይበራ እንደነበር መመዝገቡን ሁለቱም ወገኖች ይከታተሉ። መኪኖቹ ከተነሱ በኋላ ይህን መልሶ ማግኘት አይቻልም። በተለይ ገጪው በድንጋጤ «ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» የሚል ወረቀት መንገድ ዳር ባይፈርም ይሻለዋል፤ ለመድን ድርጅቱ ሳያሳውቅ የሰጠው እንዲህ ያለ ቃል ከተቃራኒ ወገን ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ መድን ሰጪ ጋርም ያጨቃጭቀዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከአዳማ