ከአንድ ጉርድ ፎቶ ሦስት ገጽታ፦ የሥዕል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥዕል ክበባችን የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደወትሮው በብርሃንና ጥላ፣ በእጅና በእግር ልምምድ አለፈ። የግድግዳ ጋዜጣውን ሥዕሎችም ሠርተናል። ሁለተኛው መንፈቅ ግን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሥራ ዋለ። ከአንዲት ወጣት ጉርድ ፎቶ ተነስተን፣ ያችኑ ወጣት ከራስ እስከ እግሯ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ሉህ ላይ ሳልናት። አኒሜሽን የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሉህ ተርንአራውንድ ይሉታል። አንድን ገጸ ባሕርይ ብዙ ሰው ሲስለው መልኩ እንዳይለዋወጥ ሁሉም የሚያመሳክሩት እሱን ነው።

ፎቶው ላይ ያለችው ወጣት መነጽር አድርጋለች። ጸጉሯ አንድ ወፍራም ጉንጉን ሆኖ በግራ ትከሻዋ በኩል ወደ ፊት ወርዷል። አንገቷ ላይ ሻርፕ አለ። ፊቷን ትንሽ ወደ ቀኟ አዙራለች፣ አገጯንም ትንሽ ዝቅ አድርጋለች። ፎቶው ደረቷ ላይ ያበቃል።

አብዛኞቹ አባላት መጀመሪያ የተጨነቁት ፎቶው ላይ ስለሌለው ነገር ነበር። እግሯስ? ጀርባዋስ? ይገባኛል፣ ግን ከባዱ እሱ አይደለም። የሌለውን ነገር እንወስነዋለን፣ ሉሁ ላይ እንጽፈዋለን፣ አለቀ። ከባዱ ፎቶው ላይ ያለው ፊት ነው። ዘንበልና ዞር ያለ ፊት እንደ ቀጥተኛ ፊት ተቆጥሮ ከተለካ ሦስቱም ገጽታዎች ይበላሻሉ።

ጆሮዋን እንውሰድ። በፎቶው ላይ የግራ ጆሮዋ ከቅንድቧ በላይ ወጥቶ ይታያል። ብዙዎቹ አባላት ያዩትን አምነው ጆሮውን እዚያው ከፍታ ላይ ሳሉት። ፊት ለፊት የቆመችው ሥዕል ጆሮዋ ወደ ላይ የሸሸ ፍጡር ሆነች። ሰው አገጩን ዝቅ ሲያደርግ የፊቱ ክፍል ይወርዳል፣ ኋላ ያለው ጆሮ ደግሞ ከፊቱ አንጻር ከፍ ይላል። ራስ ቀጥ ሲል ጆሮ በግምት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ባለው ቦታ ውስጥ ይቀመጣል። ራሷ ዝቅ ማለቱን የነገረን መነጽሯ ነው። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንጉ በቀጥተኛ ራስ ላይ አግድም ሊሆን ምንም አይቀረው። በፎቶው ላይ ግን ከዓይኗ ወደ ጆሮዋ ሽቅብ ይሄዳል። ይህን ካየን በኋላ የጆሮውን ከፍታ ከፎቶው መውሰድ አቆምን።

ስፋቱም እንዲሁ ነው። ፊቷ ዞር ስላለ ሩቁ ጉንጭ ጠቧል፣ በቅርቡ በኩል ደግሞ የራሷ ጎን ገብቷል። ስለዚህ የፊቱን ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መለካት አያዋጣም። የቅርቡን ዓይን ለካን። የራስ ስፋት ወደ አምስት ዓይን ይጠጋል የሚለው የሠዓሊዎች ልማድ ለመነሻ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ የእሷ ፊት ከልማዱ የት እንደሚለይ በዓይን ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ኤ3 ወረቀት በአግድሙ አስቀመጥን። ቁመቷን ስድስት ራስ አደረግነው። የአዋቂ ሰው ቁመት ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ራስ ገደማ ይሆናል፤ እኛ ግን ለአኒሜሽን እንዲመች ራሷ ትንሽ ተለቅ እንዲል ፈለግን። አንዱን ራስ 4 ሴንቲ ሜትር ስናደርገው ጠቅላላው 24 ሴንቲ ሜትር መጣ። አናት፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ የአፍንጫ ግርጌ፣ አገጭ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ መሬት፦ ለእያንዳንዳቸው ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር በማስመሪያ ተሰመረ። ሰው ሲዞር ስፋቱ ይለወጣል እንጂ ቁመቱ አይለወጥም። ከፊት በወገብ መስመር ላይ ያለ ቀበቶ ከጎንም ከኋላም እዚያው መስመር ላይ መገኘት አለበት። ክንዶቿን ከጎኗ ትንሽ አራቅናቸው፣ አለበለዚያ የወገቧን ቅርጽ ይደብቁታል።

የጎን ገጽታው ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብን። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ ፊቱ ደህና ነው፣ አፍንጫውም አገጩም ያምራል፣ ግን የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ተቆርጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይን የሚያተኩረው ፊት ላይ ስለሆነ እጅም የሚያዳላው ለፊት ነው። ፊት ለፊት የታየው ራስ 2.7 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ነበር። አባላቱም ከጎን ያንኑ ስፋት ደገሙት። ራስ ግን ከጎን ሲታይ ከግንባር እስከ ማጅራት በኩል ያለው ርዝመት ከቁመቱ ብዙም አያንስም። ለእኛዋ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋት ነበር። ጆሮውም ከዚህ ርዝመት መሐል ትንሽ ወደ ኋላ ይላል።

እዚህም መነጽሩ አገዘን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሥዕሏ ላይ የመነጽሩ ዘንግ አጭር ሆኖባት፣ “ይሄ መነጽር የሕፃን ልጅ ነው እንዴ?” አለች። መነጽር የሚያደርግ ጓደኛዋን በጎኑ አቁማ ደጋግማ አየችው። ዘንጉ ያጠረው ጆሮው ወደ ፊት ስለመጣ ነበር። ጆሮውን ወደ ቦታው ስትመልሰው ከበስተኋላው ቦታ ጠፋ፤ የራስ ቅሉንም ማስፋት ግድ ሆነባት። ሁለቱን ስህተቶች ራሷ አገኘቻቸው፤ ከዚያም ለሌሎቹ አሳየች። በዓመቱ ውስጥ በጣም ያስደሰተኝ ቀን ያ ነው።

አንገትም የራሱ ጣጣ አለው። ቀጥ ያለ ምሰሶ አይደለም፤ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከኋላ የሚጀምርበት ቦታ ከፊት ካለው የጉሮሮ ጎድጓዳ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሻርፑ ከጎን ሲሳል ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ማለት ነበረበት።

የኋላው ገጽታ ቀላል ነው፣ የጉንጉኑ ነገር ባይኖር። ከፊትና ከኋላ የሚታየው ውጫዊ ቅርጽ አንድ ነው፣ ግራና ቀኙ ብቻ ይገለበጣል። የፊቱን ሥዕል ገልብጠን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፈን ጠርዙን ቀዳን። ውስጡ ላይ ግን ግራና ቀኝ ተምታታ። ከፊት ስናያት ግራ ትከሻዋ በእኛ ቀኝ ነው፣ ከኋላ ስናያት ግን በእኛ ግራ። በርካታ አባላት ጉንጉኑን በዓይን ልማድ በቀኝ በኩል አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ሥዕሎች ላይ በግራ ትከሻዋ በኩል “ግ” የምትል ፊደል በስሱ ጽፈን እንጀምራለን። ጎኑንም የሳልነው ጉንጉኑ እንዲታይ በግራዋ በኩል ነው።

ፎቶው ያልነገረን ነገር ሁሉ የሉሁ ጥግ ላይ ተጻፈ፦ ጉንጉኑ የሚጀምረው ከማጅራት ነው፣ ጫማው ተረከዝ የለውም፣ ቀሚሱ ከጉልበት በታች ያበቃል።

የመጨረሻው ፈተና ፎቶውን ጨርሶ ላላዩት ታናናሽ አባላት ሉሁን ሰጥቶ ማሳል ነበር። ጉንጉኑ ሁሉም ሥዕል ላይ በትክክለኛው ትከሻ ወረደ። ሻርፑን ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ቋጠረው፤ በሉሁ ላይ ቋጠሮው በጉንጉኑ ተሸፍኖ ነበርና። አሁን ቋጠሮው ለብቻው ጎላ ተደርጎ ከታች በኩል ተስሏል። በሚቀጥለው ዓመት በፊትና በጎን መካከል ያለውን ገጽታ እንጨምራለን። መግባት የምትፈልጉ ማስመሪያና ላጲስ ይዛችሁ ኑ፣ ወረቀቱ ከእኛ ነው።